«አንተ ያ ነህ» ሲባል «አንተ ፈጣሪ ነህ» ማለት ነው?

ዛሬ የምጽፈው ረዘም ይላል፤ ጊዜ ስታገኙ አንብቡት።

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ፎቶ ላከልኝ። ፀሐይ እየጠለቀች፣ አንድ ሰው ተራራ ላይ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል፤ ከሥሩ «አንተ ያ ነህ - ኡፓኒሻድ» ተብሎ ተጽፏል። ልጁ ደግሞ «ቲቸር፣ ይሄ ነገር "እኔ እግዚአብሔር ነኝ" ማለት ነው አይደል? ሰዎቹ አይፈሩም እንዴ?» ብሎኛል። በሁለት መስመር ልመልስለት ሞከርኩና አልሆነልኝም። ስለዚህ እዚሁ ልጻፈው፣ ሌሎቻችሁም አንብቡት።

እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ እንጂ ፍልስፍና አላስተምርም። ይሄን አባባል የሰማሁት ዲፕሎማዬን ስማር ካስተማረን አንድ ህንዳዊ መምህር ነው። ስለ ሟሚና አሟሚ ሲያስረዳ «በእኛ አገር አንድ አባት ለልጁ በጨው ያስተማረው ትምህርት አለ» ብሎ ጀመረና ደወል ተደወለ። ታሪኩን በኋላ ራሴ ፈልጌ አነበብኩት፤ አሁንም እየደጋገምኩ አነበዋለሁ። እምነቴን አልቀየርኩም፤ ማንንም ለማስቀየርም አይደለም የምጽፈው። ግን አንድ ቃል ከተነገረበት ቤት ተነጥሎ ፎቶ ላይ ሲለጠፍ ትርጉሙ ይገለበጣል፤ እሱ ነው የሚያሳስበኝ።

በመጀመሪያ ሦስት የሚመሳሰሉ ቃላትን እንለይ፤ አብዛኛው ግራ መጋባት ከዚህ ይመጣል። ብራህሚን የካህናቱ ወገን ስም ነው። ብራህማ ደግሞ የአንድ አምላክ ስም ነው፤ አራት ፊት አድርገው የሚስሉት እሱን ነው። ብራህማን ግን ሰውም አይደለም፣ ምስልም የለውም፤ ያለው ነገር ሁሉ የቆመበት የመጨረሻው እውነት ማለት ነው። የሰው ውስጠኛ ማንነት ደግሞ አትማን ይባላል። ቃሉ ከትንፋሽ ጋር የተያያዘ ነው ይባላል፤ በተራ ንግግር ደግሞ «ራሴ»፣ «ራሱ» እንደምንለው ያገለግላል። ይሄ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ነፍስ፣ ንፋስ፣ መተንፈስ የምንላቸው ቃላት እኮ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። እንግዲህ የኡፓኒሻድ ሰዎች የሚሉት አትማንና ብራህማን አንድ ናቸው ነው። ይሄን ከሚናገሩት ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ የታወቀው «ታት ትቫም አሲ» ነው። ታት «ያ»፣ ትቫም «አንተ»፣ አሲ «ነህ»።

የሚገኘው ቻንዶግያ በሚባለው ኡፓኒሻድ፣ 6ኛው ምዕራፍ ላይ ነው። ብዙ ምሁራን መጽሐፉን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ7ኛው እስከ 6ኛው መቶ ዘመን አካባቢ ያደርሱታል። አሁን ማን ለማን እንደተናገረው ተመልከቱ።

ኡዳላካ የሚባል አባት ሽቬታኬቱ የሚባል ልጅ አለው። ልጁን በ12 ዓመቱ ለትምህርት ይልከዋል። ልጁ 12 ዓመት ተምሮ፣ ቬዳዎቹን ሁሉ ጨርሶ በ24 ዓመቱ ይመለሳል። ሲመለስ ግን አንገቱ ደንድኗል፤ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል ብሏል። መምህር የሆናችሁ ይሄን ልጅ ታውቁታላችሁ። አባትየው አይቆጣም። አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቀዋል፦ ያልተሰማው እንደተሰማ፣ ያልታወቀው እንደታወቀ የሚሆንበትን ትምህርት አስተማሪዎችህን ጠይቀህ ነበር ወይ? ልጁ ይደነግጣል። አስተማሪዎቼ ይሄን ቢያውቁማ ኖሮ በነገሩኝ ነበር ብሎ፣ አባቱን ንገረኝ ይለዋል።

እንግዲህ «አንተ ያ ነህ» የተባለው እዚህ ጋ ነው። በትዕቢት ለተወጠረ ወጣት፣ ውጥረቱን ሊያረግብለት ከሚፈልግ አባት የተነገረ ነው። ፎቶው ላይ «በራስህ ተማመን፣ አንተ ታላቅ ነህ» የሚል የማበረታቻ ቃል ይመስላል። ልጁ ግን ማበረታቻ አላነሰውም፤ ትልቅ ነኝ ማለቱ ነበር በሽታው።

አባትየው ከሸክላ ይጀምራል። አንድ ጓል ጭቃ ካወቅህ ከጭቃ የተሠራውን ሁሉ ታውቃለህ፤ ልዩነቱ የስምና የቅርጽ ነው፣ እውነተኛው ነገር ጭቃው ነው ይለዋል። በእኛ ቤት ብንወስደው ጀበናው፣ ምጣዱ፣ ገንቦው ማለት ነው። ጀበናው ቢሰበር ጀበናነቱ ይጠፋል እንጂ ሸክላው የትም አይሄድም። ከዚያ ወደ ዓለም ይሻገራል። መጀመሪያ አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ሁለተኛም አልነበረውም፤ እሱም «ሳት» ነው ይላል፤ «ያለው»፣ «ህላዌ» እንበለው። ልብ በሉ፣ በዚህ ትምህርት ውስጥ የዚያ ሥር ስም ሳት ነው፤ ብራህማን ብለው ያገናኙት በኋላ የመጡት ተርጓሚዎች ናቸው።

ከዚያ ጨው ይመጣል። ይሄን ለ10ኛ ክፍል ልጆች ሠርቼላቸው ስለማውቅ ትንሽ ልቆይበት።

አባት ልጁን ማታ ጨው ውሃ ውስጥ ጨምረህ ጠዋት ና ይለዋል። ጠዋት ሲመጣ ያንን ጨው አምጣልኝ ይለዋል። ልጁ እጁን ከትቶ ይዳብሳል፣ ያጣዋል። ከዚህ ጫፍ ቅመስ፣ ይቀምሳል፣ ጨው ነው። ከመሀል ቅመስ፣ ጨው ነው። ከዚያኛው ጫፍ ቅመስ፣ ጨው ነው። ያን ጊዜ ነው አባትየው ህላዌም እዚሁ አለ፣ አንተ ግን አታየውም የሚለው። ከዚያም ያቺን ቃል ይደግማታል፦ ታት ትቫም አሲ።

እኔ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ጨምሬ አሳደርኩ። (ላብራቶሪ ውስጥ ምንም አይቀመስም የሚለውን ሕግ የማስከብረው እኔው ስለሆንኩ፣ ንጹሕ ጆግ ይዘን ከክፍል ውጭ ዛፉ ሥር ነው የሠራነው።) ልጆቹ ከላይም ቀመሱ፣ በመምጠጫ ከሥርም ቀመሱ። ልዩነት የለውም። የሶዲየምና የክሎራይድ አየኖች በውሃው ሁሉ እኩል ስለተበተኑ ከየትኛውም ጥግ ብትቀዱ ያው ነው። ዓይን የማይደርስበትን ምላስ ደረሰበት። ኡዳላካ የፈለገው ይሄን ነው፤ 12 ዓመት በቃል ሲይዝ ለኖረ ልጅ፣ ነገሩን በቃል ከሚነግረው በምላሱ ቢያስጨብጠው ይሻላል። ሌላ ጊዜም እንዲሁ አድርጎታል፤ 15 ቀን ውሃ ብቻ እየጠጣህ ጹም ይለውና፣ ልጁ ሲመለስ የተማረው ሁሉ ትዝ አልልህ ይለዋል። ምግብ በልቶ ሲመለስ ሁሉም ይመለስለታል። ያ ሁሉ የሚኮራበት እውቀት በምግብ ላይ የቆመ መሆኑን በገዛ ረሃቡ አየው።

ከተማሪዎቼ አንዷ ግን ዛፉ ሥር ጥሩ ነገር ጠየቀችኝ። «ቲቸር፣ ጨውና ውሃ እኮ ሁለት ናቸው። ውሃውን ብናተነው ጨው ይቀራል። ታዲያ አንድ ናቸው እንዴት ይባላል?»

እኔ በበኩሌ ይሄ ጥያቄ የነገሩ ልብ ነው ባይ ነኝ። የጨው ምሳሌ የሚያሳየው «የማይታየው በሁሉም ቦታ አለ» የሚለውን ነው። «አንተና ያ አንድ ናችሁ» ለሚለው ግን ብቻውን አይበቃም። ለዚያ የሸክላው ምሳሌ ይሻላል፤ ጀበናና ሸክላ ሁለት ነገር አይደሉምና። ህንዶቹም ራሳቸው ከሺህ ዓመት በላይ የተከራከሩት በዚሁ ነው፤ አባባሉ አንድ፣ ትርጓሜው ግን ብዙ።

የመጀመሪያው በ8ኛው መቶ ዘመን አካባቢ የነበረው ሻንካራ ነው። ለእሱ አንድነቱ ፍጹም ነው፤ ልዩነት የሚታየን ባለማወቅ ነው። የተማሪዬ ጥያቄ በዋናነት የሚመለከተው እሱን ነው፤ የእሱ ተከታዮችም ጥያቄውን ቀድመው ያውቁት ነበር። ደካማው፣ የሚታመመው፣ ነገ የሚሆነውን የማያውቀው ሰውዬ እንዴት ሁሉን ከሚችለው ጋር አንድ ይሆናል? መልሳቸው እንዲህ ነው፦ «ይሄ ያ ዴቫዳታ ነው» ሲባል እንዴት ነው የምንረዳው? (ዴቫዳታ እነሱ ዘንድ እንደ እኛ አበበና ከበደ ለምሳሌ የሚጠራ ስም ነው።)

በእኔ ሥራ ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት መናኸሪያ ውስጥ አንድ ጢማም፣ ትከሻው የሰፋ ሰው «ቲቸር!» ብሎ አቀፈኝ። ትንሽ ቆይቼ ለየሁት፤ 9ኛ ክፍል ፊት ለፊት ይቀመጥ የነበረ ቀጭን ልጅ ነው። «ይሄ እኮ ያ ልጅ ነው!» አልኩ። እንዲህ ስል ጢማሙ ሰውዬና ቀጭኑ ልጅ በሁሉ ነገር ያው ናቸው ማለቴ አይደለም። ያኔና አሁንን፣ ክፍሉንና መናኸሪያውን፣ ቅጥነቱንና ጢሙን ከሁለቱም ወገን ትቼ፣ የቀረውን አንዱን ሰው ነው የጠራሁት። «አንተ ያ ነህ»ም እንደዚሁ ነው ይላሉ። ከ«አንተ» ላይ ስምህን፣ ሥራህን፣ ገላህን፣ ሐሳብህን ተው። ከ«ያ» ላይ ደግሞ ፈጣሪነትን፣ ሁሉን ቻይነትን ተው። ከሁለቱም ወገን የሚቀረው ንጹሕ ኅሊና፣ ንጹሕ ህላዌ ነው፤ እሱ አንድ ነው።

እንግዲህ ፎቶ የላክህልኝ ልጄ፣ በዚህ ትርጓሜ እንኳ ቢሆን «እኔ እገሌ ዓለምን ፈጠርኩ» የሚል ሰው ነገሩ አልገባውም ማለት ነው። «እኔ እገሌ» ያለው ክፍል መጀመሪያ የሚተወው ነው።

በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ዘመን የነበረው ራማኑጃ ግን በዚህ አይስማማም። ከሁለቱም ወገን ሁሉንም ካራገፍክ ምን ቀረ? ባዶ ነው የቀረህ ባይ ነው። ለእሱ ነፍሳትም ዓለሙም እውነት ናቸው፤ ግን ለፈጣሪ እንደ ገላ ናቸው። ነፍስህ በገላህ ውስጥ እንዳለች እሱም በአንተ ውስጥ አለ። «እገሌ መጣ» ስንል ገላው መጣ አንልም፤ በገላው በኩል ሰውየውን እንጠራለን። «አንተ» የሚለው ቃልም በአንተ አልፎ በውስጥህ ያለውን ይጠራል። አምላኪና ተመላኪ በዚህ አይጠፋፉም። የተማሪዬን የጨው ጥያቄ ለራማኑጃ ብታቀርቡለት ደስ የሚለው ይመስለኛል።

ሦስተኛው በ13ኛው መቶ ዘመን የነበረው ማድቫ ነው፤ የእሱ ደግሞ ፈገግ ያሰኛል። በሳንስክሪት ቃላት ሲገናኙ ድምፆቻቸው ይዋሃዳሉ። ከ«ታት ትቫም አሲ» በፊት «አትማ» የሚል ቃል አለ፣ መጨረሻው ረጅም «ኣ» ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ «አትማ ታት» ነው ወይስ «አትማ አታት» ነው የሚለውን ጆሮ አይለየውም። «አታት» ደግሞ «ያ ያልሆነ» ማለት ነው። ማድቫ እንግዲህ «አንተ ያ አይደለህም» ብሎ አነበበው! ፈጣሪ ፈጣሪ ነው፣ አንተ አንተ ነህ፤ አለቀ። ቅኔ የሚያውቁ ወዳጆቼ አይደነቁም። እኛም «አለ» ብለን ስንጽፍ ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ይኖራል ማለት ይሆናል፤ ፊደሉ ያው ነው። ዐውዱን ስናይ ግን የማድቫ ንባብ ይከብደኛል። አባት ዘጠኝ ጊዜ በዘጠኝ ትምህርት የደጋገመው ቃል «አይደለህም» ከሆነ፣ ጨውና ሸክላው ለምን አስፈለጉ?

በእኛ ዘመን ደግሞ ጆኤል ብሬረተን የተባለ ምሁር በ1986 ሌላ የሰዋስው ነጥብ አነሳ። «ታት» የግዑዝ ጾታ ነው፤ «አትማ» ግን ተባዕታይ ነው፤ ስለዚህ «ታት» አትማን የሚለውን ቃል በቀጥታ ሊጠቁም አይችልም ነው ክርክሩ። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ «አንተም እንዲሁ ነህ» ወደሚለው ይጠጋል። ዛፉ በማይታይ ረቂቅ ነገር ሕያው እንደሆነ፣ አንተም እንዲሁ። እውነት ለመናገር እኔ ይሄኛው ንባብ ይጥመኛል። የአንድነቱን ትምህርት አያጠፋውም፤ ድምፁን ዝቅ ያደርገዋል እንጂ። ከመድረክ የሚለፈፍ አዋጅ መሆኑ ቀርቶ፣ አንድ አባት ፍሬ እየሰበረ ለልጁ የሚነግረው ነገር ይሆናል። ፍሬ ስል፣ አንዱ ትምህርት በርግጥም የትልቅ ዋርካ መሰል ዛፍ ፍሬ ነው። ፍሬውን ሰንጥቅ፣ ዘሩን ሰንጥቅ፣ ምን ታያለህ? ምንም። ያ ትልቅ ዛፍ የቆመው እንግዲህ በዚያ «ምንም» ባልከው ላይ ነው።

ከዘጠኙ ውስጥ ግን እኔን የሚነካኝ ስምንተኛው ነው፤ ብዙ ሰው አያነሳውም። ኡዳላካ ሊሞት የተቃረበ ሰው ያነሳል። ዘመዶቹ ከብበውት አወቅከኝ? አወቅከኝ? ይሉታል። ንግግሩ በልቡናው፣ ልቡናው በትንፋሹ፣ ትንፋሹ በሙቀቱ፣ ሙቀቱም በመጨረሻው ህላዌ እስኪገባ ድረስ ያውቃቸዋል። ከዚያ በኋላ አያውቅም።

አባቴ ሲያርፍ እንደዚሁ ነበር። ጎረቤት በየተራ እየገባ «ጋሼ፣ አወቁኝ?» ይለዋል። እኔም «አባዬ፣ አወቅከኝ?» ብዬዋለሁ። ማክሰኞ መልስ ሰጥቷል፣ ስሜን ጠርቷል። ረቡዕ ንግግሩ ቆመ፣ ግን በዓይኑ ይከተለን ነበር። ሐሙስ ዓይኑ ክፍት ሆኖ እኛን አያይም፤ የቀረው ትንፋሽ ነው። ትንፋሹም ካቆመ በኋላ አክስቴ እግሩን ይዛ «ገና ይሞቃል፣ ገና ይሞቃል» ትል ነበር። ንግግር፣ ልቡና፣ ትንፋሽ፣ ሙቀት። ይሄን ክፍል ከዚያ በፊት አንብቤው ነበር፤ ቅደም ተከተሉን ያስተዋልኩት ግን ከአርባው በኋላ ስመለስበት ነው። እነዚያ ሰዎችም አልጋ ከበው ተቀምጠው፣ እግር ዳብሰው ነው የጻፉት።

ከዚህ ላይ ነው አባባሉ ከባድ የሚሆነው። እኛ «አወቅከኝ?» ስንል የምንፈልገው የሚያውቀንን ሰው ነው። ስሜን የሚጠራውን አባዬን። ኡዳላካ ግን ያ የሚያውቀው፣ ስም የሚጠራው ክፍል ራሱ የሚገባበት ሌላ ነገር አለ፤ አንተ በእውነት እሱ ነህ ይላል። ይሄ ለለቀስተኛ ምን ያህል ይጠቅማል? እኔን ግማሽ መንገድ ነው ያደረሰኝ። ምንም ነገር ከህላዌ ውጭ አይወድቅም፣ አባቴ ወደ ባዶ አልሄደም የሚለው ደስ ይላል። ግን እዚያው መጽሐፍ ውስጥ የወንዞች ምሳሌም አለ፤ ባሕር ከገቡ በኋላ እኔ ይሄኛው ወንዝ ነኝ የሚል የለም። ንቦች ከየአበባው ያመጡት ማርም እኔ የዚያ ዛፍ ነኝ አይልም። ስለዚህ «አባትህን አባትህ ሆኖ ታገኘዋለህ» የሚል ተስፋ ከዚህ ትምህርት መጠበቅ የለብንም፤ አይሰጥም። እንዲያውም ሳያውቁ የገቡ ፍጡራን፣ ነብርም ቢሆኑ ትልም ቢሆኑ፣ የነበሩትን ሆነው ይመለሳሉ ነው የሚለው። እኔ ተስፋዬን ከሌላ ቦታ ነው ያገኘሁት፣ ከቤተሰቤ እምነት። ራማኑጃ በሻንካራ ላይ ለምን እንዲያ አጥብቆ እንደተከራከረ የገባኝም ከዚያ ሐሙስ በኋላ ነው። ሁሉ አንድ ከሆነ የሚወደደውና የሚወደው የት ይቆማሉ? ይሄ የሰዋስው ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ለተማሪዬ የምለው አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሽቬታኬቱ ከእያንዳንዱ ትምህርት በኋላ፣ አባቴ ሆይ ገና አልጠገብኩም፣ ጨምርልኝ ይላል። ስምንት ጊዜ ይላል። ያ «አውቄያለሁ» ብሎ የመጣ ልጅ ነው እንግዲህ። ከዘጠነኛው በኋላ ግን አይጠይቅም። ምዕራፉ የሚዘጋው ልጁ ገባው በሚል ነው። ምን ብሎ እንደመለሰ አልተጻፈም፤ አባትየውም አልፈተነውም።